ቀድመው የሚስቁ ልጆች፦ የሁለት ቋንቋ ሰብታይትል ችግርና መፍትሄ

በቪዲዮው ላይ አንዲት እናት ወግ እያወሩ ነው። ገና ጨዋታው ጫፍ ላይ አልደረሰም። ሶፋው ላይ ያሉት ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ግን ስቀው ጨርሰዋል። እሳቸው ዋናውን ነገር ሲናገሩ ደግሞ ቤቱ ጭጭ ይላል። ይህን ካያችሁ ትርጉሙ ልክ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ያለው አቆራረጡ ላይ ነው።

ምልክት፦ እንግሊዝኛው ከተናጋሪው ይቀድማል

ምክንያቱ የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር እንይ፦ «ትናንት መንገድ ላይ ያገኘሁት ልጅ የአክስቴ ልጅ መሆኑን ያወቅኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።» ይህ በደንበኛው የእንግሊዝኛ ሥርዓት ሲጻፍ «ቤት ገብቼ ነው ያወቅኩት» የሚለው ፊት ይመጣል። ተናጋሪዋ ገና «ትናንት» ሲሉ አንባቢው መጨረሻውን አውቆታል።

መፍትሄው ሙሉውን ተርጉሞ መቆራረጥ ሳይሆን መጀመሪያ አማርኛውን ትንፋሽ በሚወሰድበት ቦታ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን የቻለ አጭር እንግሊዝኛ መጻፍ ነው። እንዲህ፦

```
1
00:00:12,000 --> 00:00:14,600
ትናንት መንገድ ላይ ያገኘሁት ልጅ
Yesterday I met a boy on the road.

2
00:00:14,700 --> 00:00:16,900
የአክስቴ ልጅ መሆኑን ያወቅኩት
Turns out he was my cousin.

3
00:00:17,000 --> 00:00:19,000
ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።
I didn't know until I got home.
```

አንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሆነ። ሰዋስው የሚያጠብቅ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ እኔ ግን ሳቁ በቦታው ከመጣ አይከፋኝም። ሁለቱ ቋንቋዎች አንድ ፋይል ውስጥ ያሉትም በምክንያት ነው። ዩቲዩብ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው አንድ የሰብታይትል ትራክ ብቻ ነው።

የማይከፈል ዓረፍተ ነገርም አለ፤ በተለይ «አልመጣም» ዓይነት አሉታ መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ። ያኔ አታስገድዱት። ሙሉውን በአንድ ቁራጭ ያዙና ግሡ ሊነገር ሲል ብቅ ይበል። ትንሽ መዘግየት ሚስጥር ከማውጣት ይሻላል።

ምልክት፦ «ሳላነብ አለፈ» ይላሉ

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ጊዜውን በአማርኛው መስመር መለካት ነው። የአማርኛ መስመር አጭር ስለሚመስል ያታልላል። «ስላልነገርኳቸው» 9 ፊደል ናት። በእንግሊዝኛ ግን `because I didn't tell them` ትሆናለች፤ ክፍተቱን ጨምሮ 26 ቁምፊ። ስለዚህ የሚለካው እንግሊዝኛው ነው። በሰከንድ 15 ቁምፊ አካባቢ ይመቻል፤ ከ17 ካለፈ ዓይን ይሮጣል።

ሲያልፍ ሰዓቱን ከመጎተት በፊት ቃል ቀንሱ። «እንግዲህ ምን ልበልህ»ን የመሰለ ማሟሻ ከድምፁ ይሰማል፤ እንግሊዝኛው ላይ ባይኖር ማንም አይጎዳም። ለእያንዳንዱ ቋንቋ አንድ መስመር ብቻ ስጡ። ሁለት ሁለት ካደረጋችሁ አራት መስመር ይሆንና የሰውየውን አገጭ ይሸፍናል።

ምልክት፦ «እሱ እንዲህ አላለም» ብለው ይከራከራሉ

እነዚህ ልጆች አማርኛ ባያነቡም ጆሯቸው የሚያውቃቸው ቃላት አሉ። «አይዞህ»ን ከሰሙት ቆይተዋል። ስክሪኑ ላይ «ጠንክር» የሚል እንግሊዝኛ ሲያዩ ጆሯቸውና ዓይናቸው ይጣላሉ፤ ከዚያ በኋላ የቀረውንም ትርጉም አያምኑትም። እንዲህ ያለውን ቃል፣ «እትዬ» እና «ጋሼ»ንም ጨምሮ፣ እንዳለ በላቲን ፊደል ተዉት፦ `Ayzoh`። አዲስ ቃል ከሆነ መጀመሪያ ሲመጣ ብቻ አጠገቡ አጭር ፍቺ ይበቃዋል።

ምልክት፦ አማርኛው አይነበብም

እዚህ ላይ ምን እንደሚታይ ለዩ። ባዶ ሣጥኖች ከሆኑ ፋይሉ ደህና ነው፤ ማጫወቻው የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት አላገኘም። `Noto Sans Ethiopic` ምረጡለት። ጽሑፉን ቪዲዮው ላይ የምታትሙት ከሆነም ይህንኑ ፎንት በስሙ ጥሩት። «ሰ» መሆን ያለበት `áˆ°` ሆኖ ከታየም ፊደሉ አልጠፋም፤ ፕሮግራሙ የሚያነብበትን ኢንኮዲንግ ወደ `UTF-8` ቀይሩ።

`????` ከሆነ ግን አዝናለሁ። ፋይሉ ሲቀመጥ `ANSI` ተመርጦ ፊደሎቹ ተሰርዘዋል፤ በምንም አይመለሱም። የድሮውን ቅጂ ፈልጉና በ`UTF-8` አስቀምጡት። ቅጂ ከሌለ ሰዓቶቹ ፋይሉ ውስጥ ስላሉ አማርኛውን ብቻ እንደገና መተየብ ነው።