የቶለራንስ ሥዕል ሲተረጎም ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የባቡሩ ቋንቋ ፈረንሳይኛ በነበረባት ድሬዳዋ በውጭ ቋንቋ የተጻፈ የማሽን ሥዕል ለቶርኖ ቤት ብርቅ አይደለም። መስመሩን ማንም ባለሙያ ያነበዋል። ተርጓሚ የሚጠራው ለሦስት ቦታዎች ነው፤ ለማስታወሻዎቹ፣ በቀኝ ታችኛው ጥግ ላለው የርዕስ ሠንጠረዥ እና ለክለሳ ሠንጠረዡ። ቃላቱ ጥቂት ስለሆኑ ሥራው ቀላል ይመስላል። ቶለራንስ፣ ማለትም የሚፈቀድ የልኬት ልዩነት፣ እና አገጣጠም ባለበት ሥዕል ላይ ግን ዕቃውን ከጥቅም ውጪ የሚያደርጉት ስህተቶች የሚገቡት በእነዚሁ ሦስት ቦታዎች ነው።

አንድ ሥዕል ይዘን እንሂድ። የማጓጓዣ ቀበቶ ሮለር የሚዞርበት የብረት ፒን እና ፒኑ የሚገባበት የነሐስ ቡሽ ነው። የሁለቱም መነሻ ልኬት 40 ሚሊ ሜትር ሲሆን አገጣጠማቸው H7/g6 ተብሎ ተጽፏል። ይህ ማለት የቡሹ ቀዳዳ ከ40.000 እስከ 40.025፣ ፒኑ ደግሞ ከ39.975 እስከ 39.991 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 9፣ ቢበዛ 50 ማይክሮን ክፍተት ይኖራል፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ፒኑ በእጅ ይገባል፣ ይዞራል፣ ግን አይንገዋለልም።

የአገጣጠም ኮዱን በግዕዝ ፊደል መጻፍ

በጣም የተለመደውም በጣም ጎጂውም ይሄ ነው። ተርጓሚው ሁሉንም ነገር አማርኛ ለማድረግ ሲል «ኤች 7» እና «ጂ 6» ብሎ ይጽፋል። በዚህ የኮድ ሥርዓት ትልቁ ፊደል ቀዳዳን፣ ትንሹ ፊደል ዘንግን ያመለክታል። የእኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም። «ጂ 6» ከተባለ በኋላ ዋናው g ይሁን G ከወረቀቱ ላይ ማወቅ አይቻልም።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በ40 ሚሊ ሜትር ላይ g6 ከ39.975 እስከ 39.991 ነው። G6 ግን ከ40.009 እስከ 40.025 ነው። አንድ ወጣት ሠራተኛ ስልኩ ላይ ሠንጠረዥ ከፍቶ በትልቁ G ቢፈልግ በሚያገኘው ቁጥር የሚሠራው ፒን አብዛኛውን ጊዜ ከቡሹ ቀዳዳ ይወፍራል። በእጅ ሊገባ የታሰበው በፕሬስ ካልሆነ አይገባም፤ በፕሬስ ከገባ ደግሞ አይዞርም።

ኮዱ እንዳለ ይቀመጥ። ሠራተኛውን ማገዝ ከተፈለገ ከጎኑ ሁለቱን ወሰኖች በቁጥር መጻፍ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከዋናው ሥዕል የመጣ እንዳይመስል የተርጓሚ ጭማሪ መሆኑ ይታወቅ። በጂኦሜትሪ ቶለራንስ ሳጥኖች ውስጥ ያሉት የመነሻ ገጽ ፊደሎችም እንደዚሁ አይነኩም።

ከቁጥር ጋር የሚሄድ ሌላ ጣጣ ነጠላ ሰረዝ ነው። በአውሮፓ ሥዕሎች ነጠላ ሰረዝ የአስርዮሽ ነጥብ ነው፤ እኛ ሺህ ለመለየት እንጠቀምበታለን። 0,025 ማንንም አያሳስትም፤ 1,250 ግን አንድ ሚሊ ሜትር ከሩብ ነው ወይስ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ? ተርጓሚው ማስታወሻዎቹን ብቻ ወደ ነጥብ ቀይሮ በሥዕሉ ላይ ያሉትን ሲተዋቸው ነገሩ ይብሳል። እኔ የምመርጠው ሁሉንም እንዳለ ትቶ «በዚህ ሥዕል ነጠላ ሰረዝ የአስርዮሽ ነጥብ ነው» የሚል አንድ መስመር መጨመር ነው።

«በፊት» እና «በኋላ»ን መጣል

ከማስታወሻዎቹ አንዱ ፒኑ 8 ማይክሮን ውፍረት ያለው ዚንክ እንደሚቀባ ይናገርና፣ በሥዕሉ ላይ ያሉት ልኬቶች ከቅቡ በኋላ የሚለኩ መሆናቸውን ይጨምራል። ትርጉሙ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነበበው «ፒኑ በልኬቱ መሠረት ተሠርቶ 8 ማይክሮን ዚንክ ይቀባ» ነው። አማርኛው ያምራል፣ ፒኑ ግን ይበላሻል።

ለምን እንደሚበላሽ በቁጥር እንየው። ቅቡ ፒኑን ዙሪያውን ስለሚሸፍነው 8 ማይክሮን ውፍረት ዲያሜትሩን በ16 ማይክሮን ያሳድገዋል። ቶርኖ ሠራተኛው ፒኑን 39.991 ላይ ቢያቆመው በትርጉሙ መሠረት ትክክል ሠርቷል። ከቅቡ ሲመለስ 40.007 ይሆናል። የቡሹ ቀዳዳ 40.000 ከሆነ ፒኑ በ7 ማይክሮን ይበልጠዋል፤ አይገባም። ማስታወሻው በትክክል ቢተረጎም ኖሮ ሠራተኛው ለቅቡ ቦታ ትቶ ከ39.959 እስከ 39.975 ባለው ውስጥ ያቆመው ነበር። የቅቡ ውፍረት በሁሉም ቦታ እኩል ስለማይሆንና ጠርዝ አካባቢ ስለሚወፍር ልምድ ያለው ሰው ከዚህ መሃል ይመርጣል።

ስህተቱ ከትርጉም መምጣቱ የሚታወቀው ፒኑ ከቅቡ በፊትም በኋላም በማይክሮሜትር ሲለካ ነው። በፊት ሥዕሉን አክብሮ በኋላ በ16 ማይክሮን አካባቢ ካለፈ ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም። ገጣጣሚው ግን ይህን አይጠይቅም፤ ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ፒኑን ይፈትገዋል። ፒኑ ይገባል፣ ዚንኩም ይሄዳል፣ ቀጥሎ ዝገት ይመጣል።

«ልኬቶች በ20 ዲግሪ ናቸው» የሚለው ማስታወሻ ደግሞ «ይታወቃል» ተብሎ የሚዘለል ነው። ድሬዳዋ ውስጥ መዘለል አልነበረበትም። ጥላ ውስጥ 35 ዲግሪ በሆነ ቀን ብረቱ ፒንና ብረቱ ማይክሮሜትር እኩል ስለሚሰፉ ንባቡ ብዙም አይዛባም። ነሐስ ግን ከብረት ይበልጥ ይሰፋል፤ በ40 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ላይ በ15 ዲግሪ ልዩነት ንባቡ በ4 ማይክሮን አካባቢ ያድጋል። በትክክል 39.997 የሆነ፣ መጣል ያለበት ቀዳዳ 40.001 ሆኖ ይነበብና ያልፋል። ገና ከቶርኖው የወጣ ፒን ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። 60 ዲግሪ ላይ ያለ ፒን በ35 ዲግሪ ማይክሮሜትር 39.980 ቢነበብ፣ ሲቀዘቅዝ ወደ 39.968 ይወርዳል፤ ከዝቅተኛው ወሰን በታች ሆኗል ማለት ነው። ያቺ አንድ መስመር ብትተረጎም ሠራተኛው ቢያንስ ፒኑ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል።

ሁለት አጫጭር ማስታወሻዎችን እግረ መንገዴን ላንሳ። «ዱ ኖት ስኬል» የሚለው «ሥዕሉን አታሳድግ፣ አታሳንስ» ማለት ሳይሆን «ያልተጻፈ ልኬት ከወረቀቱ ላይ በማስመሪያ አትውሰድ» ነው። «ብሬክ ሻርፕ ኤጅስ» ደግሞ መስበርን አያዝም፤ ሹል ጠርዝ ይለዝብ ማለት ነው። ከጎኑ 0.2 ቢበዛ የሚል ካለ፣ «ቢበዛ» የምትለዋም አብራ ትተርጎም።

በርዕስ ሠንጠረዡ ውስጥ የሳጥኑን ስምና የሳጥኑን ይዘት አለመለየት

ደንቡ አጭር ነው፤ የሳጥኑ ስም ይተረጎማል፣ ይዘቱ በአብዛኛው አይተረጎምም። የሥዕል ቁጥር፣ የቁስ ደረጃ መለያ፣ የነዳፊውና የአጽዳቂው ስም እንዳሉ ይቆያሉ። የእይታ አቀማመጡን የሚያሳየው የተቆረጠ ሾጣጣ ምልክትም ጌጥ አይደለም፤ ሠንጠረዡ እንደገና ሲሠራ ተገልብጦ ከተቀመጠ የጎን እይታው በተቃራኒ ወገን ይነበባል።

በጣም የሚጎዳው ISO 2768-mK የተጻፈበት ሳጥን ነው። ይህ በሥዕሉ ላይ የራሳቸው ቶለራንስ ያልተጻፈላቸውን ልኬቶች በሙሉ ይገዛል። «መካከለኛ ቶለራንስ» ብሎ መተርጎም ትርጉሙን የጠበቀ ይመስላል፤ ግን ሠራተኛው መካከለኛው ስንት እንደሆነ የሚያይበትን ሠንጠረዥ ይወስድበታል። ትንሿ m ለምሳሌ ከ30 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ላለ ርዝመት 0.3 ወደ ላይና ወደ ታች ትፈቅዳለች፤ ጎረቤቷ f ግን የዚያን ግማሽ ብቻ። ትልቁ K ስለ ቅርጽና አቀማመጥ የሚናገር ሲሆን የመጣበት የISO 2768 ሁለተኛ ክፍል በ2021 እ.ኤ.አ. በሌላ ደረጃ ተተክቷል። ይህን የሚያውቅ ተርጓሚ «ላድሰው» ብሎ እንዳይነካው። ሥዕሉ የተስማማበትን ደረጃ መቀየር የባለ ሥዕሉ ሥልጣን ነው።

የክለሳ ፊደሎችን ወደ ሀ፣ ለ፣ ሐ መቀየር

A፣ B፣ C ሲል ሀ፣ ለ፣ ሐ ማድረግ ለዓይን ያምራል። አሁን ግን ዕቃ ግምጃ ቤቱ ወደ ቶርኖ ቤቱ ስልክ ይደውል።

«ጋሼ፣ የትኛውን ክለሳ ነው የያዙት?»

«ሀ የሚለውን።»

«ሃሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ?»

የመጀመሪያውና ሦስተኛው ክለሳ በድምፅ አንድ ሆኑ ማለት ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ሠ እና ሰ እንደዚሁ ይገጥማሉ። በዚያ ላይ ብዙ አገሮች ከቁጥር ጋር እንዳይምታቱ I እና O ን ስለሚዘልሉ የሁለቱ ፊደል ተርታ መሃል ላይ መለያየቱ አይቀርም። በሥዕሉ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የተቀመጡት ምልክቶችም ከሠንጠረዡ ፊደል ጋር ካልተገናኙ የትኛው ልኬት እንደተለወጠ ማግኘት ያስቸግራል።

የለውጡ መግለጫ ራሱም ወጥመድ አለው። በሥዕላችን ክለሳ C ላይ «H7 ዎዝ H8» ተብሎ ተጽፏል እንበል። ድሮ H8 ነበር፣ አሁን H7 ሆኗል ማለት ነው። «H7 H8 ነበር» ብሎ ቃል በቃል ያስቀመጠው ተርጓሚ አንባቢውን ግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል፤ የትኛው አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ አይለይም። ሠራተኛው H8ን ከመረጠ ቀዳዳው እስከ 40.039 ሊደርስ ይችላል፤ ክፍተቱም እስከ 64 ማይክሮን ይሰፋል። መጥፎነቱ ሲገጣጠም አለመታወቁ ነው፤ ፒኑ ይገባል፣ ይዞራል፣ ልዩነቱን የሚያገኘው የቀዳዳ መለኪያ ብቻ ነው። «ቀድሞ H8፣ አሁን H7» ተብሎ ቢጻፍ ማንም አይሳሳትም።

ቀኑን በተመለከተ፣ 03/04/2019 የሚል ሲገኝ መጀመሪያ የሚጣራው ቀኑ የሚቀድምበት ነው ወይስ ወሩ የሚለው ነው። ወሩ ከቀደመ የካቲት 25 ቀን 2011 ነው፤ ቀኑ ከቀደመ መጋቢት 25 ቀን 2011። የዋናውን ቀን ሳይነኩ የእኛን አቆጣጠር «ዓ.ም.» ብሎ ከጎኑ መጨመር ይቻላል። የሚያደናግረው አንዱን ረድፍ በእኛ፣ ሌላውን በእነሱ አቆጣጠር መተው ነው፤ ያኔ አዲሱ ክለሳ ከአሮጌው የቀደመ ይመስላል።

በመጨረሻም አንዳንድ ተርጓሚዎች ሥራቸውን ለመመዝገብ በክለሳ ሠንጠረዡ ላይ «D፦ ወደ አማርኛ ተተረጎመ» የሚል ረድፍ ይጨምራሉ። ፋብሪካው በኋላ እውነተኛውን D ሲያወጣ ሁለት የተለያዩ D ያላቸው ወረቀቶች አንድ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። የትርጉሙ መረጃ ከሥዕሉ ክፈፍ ውጪ ይጻፍ፦ «ትርጉም 1፣ ከክለሳ C የተተረጎመ»፣ ከተርጓሚው ስምና ቀን ጋር። ፋብሪካው D ሲያወጣ C ን ይዞ የቀረው ትርጉም የትኛው እንደሆነ ከዚያች መስመር ይታያል።