አዲስ መኪና ወይስ የ3 ዓመት ያገለገለ? የመጀመሪያ መኪና ገዢ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ ወይም በዲሲ የሚኖር፣ 6,000 ዶላር ያህል ያጠራቀመና የክሬዲት ታሪኩ ገና አጭር የሆነ ሰው የመጀመሪያ መኪናውን ሊገዛ ሲነሣ፣ ከወዳጅ ዘመዱ የሚሰማው ምክር አብዛኛውን ጊዜ «አዲስ መኪና ከዲለር ግቢ እንደ ወጣ ዋጋው ይወርዳል፤ የ3 ዓመት ግዛ» የሚል ነው። ምክሩ መሠረት አለው፤ ሆኖም ለሁሉም መኪናና ለሁሉም ገዢ እኩል አይሠራም። ገንዘብ የሚያስከፍሉት ስህተቶች የሚመጡትም ይህን ሳይመረምሩ ከመቀበል ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፦ መስታወት ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ብቻ ማነጻጸር

ቶዮታ ኮሮላን እንውሰድ። ለስሌቱ ያህል የአዲሱ ዋጋ 24,000፣ የ3 ዓመቱ ደግሞ 19,500 ዶላር ነው እንበል። የቨርጂኒያ የተሽከርካሪ ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ሲሆን፣ የዲለሩን የሰነድ ክፍያና የታርጋ ወጪ በግምት 900 ዶላር ብንይዝ፣ አዲሱ ወደ 25,900፣ ያገለገለው ወደ 21,200 ዶላር ይደርሳል። ገዢው ካለው 6,000 ውስጥ 4,000ውን ቅድሚያ ቢከፍልና ቀሪውን በ5 ዓመት ቢበደር፣ የአዲሱ ብድር 21,900፣ የአሮጌው 17,200 ዶላር ይሆናል።

ልዩነቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አበዳሪዎች ላገለገለ መኪና የሚጠይቁት ወለድ በአብዛኛው ለአዲስ ከሚጠይቁት ይበልጣል፤ ክሬዲቱ አጭር ለሆነ ሰው ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። አዲሱ በ6 በመቶ፣ ያገለገለው በ10 በመቶ ቢያዝ፣ ወርኃዊ ክፍያው 423 እና 365 ዶላር ይሆናል። በ5 ዓመት ውስጥ ለአዲሱ የሚከፈለው ወለድ ወደ 3,500 ሲሆን፣ ለአሮጌው ብድሩ አነስተኛ ሆኖ ሳለ ወለዱ ከ4,700 ያልፋል። በሌላ አነጋገር፣ መግዣው ላይ የተቆጠበው 4,700 ዶላር ገደማ በወለድ ምክንያት ወደ 3,500 ይወርዳል።

ስሌቱ ግን መኪናው ሲሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ሳይጨምር አያልቅም። ብድሩ ሲጠናቀቅ አዲስ የተገዛው 5 ዓመት፣ ያገለገለው 8 ዓመት ይሆነዋል። የመጀመሪያው 14,500፣ ሁለተኛው 10,500 ቢሸጥ፣ ገዢው ለ5 ዓመት አገልግሎት የከፈለው ለአዲሱ 14,900፣ ለአሮጌው 15,400 ዶላር ያህል ነው። ርካሽ የመሰለው መኪና በዚህ ስሌት ተወደደ ማለት ነው። የመሸጫ ዋጋው ግምት ቢሆንም፣ ውጤቱ የሚያሳየው ነገር ግን ግልጽ ነው፤ እንደ ኮሮላና ሆንዳ ሲቪክ ዋጋቸው ቀስ ብሎ የሚወርድ መኪኖች በ3 ዓመት የሚሰጡት ቅናሽ ትንሽ ስለሆነ፣ ወለዱ በቀላሉ ይበላዋል።

ዋጋው ቶሎ በሚወርድ መኪና ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንደ ኒሳን አልቲማ ያለ መኪና አዲስ 27,000፣ በ3 ዓመቱ 16,000 ከሆነ፣ የ11,000 ዶላሩን ልዩነት 10 በመቶ ወለድ እንኳ አያጠፋውም። ስለዚህ «አዲስ ወይስ አሮጌ?» ከማለት በፊት «የትኛው መኪና?» መባል አለበት። በነገራችን ላይ፣ በቨርጂኒያ ካውንቲዎችና ከተሞች የመኪናውን ዋጋ መሠረት አድርገው በየዓመቱ ታክስ ስለሚያስከፍሉ፣ አዲሱ ላይ ይህ ወጪ በመጠኑ ይጨምራል፤ ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ዓመታዊ ታክስ የለም።

ሁለተኛው ስህተት፦ ዲለሩ ያቀረበውን ብድር እንደ መጨረሻ መቀበል

ዲለሩ የሚያቀርበው ወለድ ባንኩ ከሰጠው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ ባንኩ ከሰጠው ላይ ጨምሮ ልዩነቱን የመካፈል አሠራር የተለመደ ነው። ሻጩ «በወር ስንት መክፈል ይችላሉ?» ብሎ ሲጀምር፣ የብድሩን ዘመን ከ60 ወደ 72 ወይም 84 ወር በማራዘም የፈለጉትን ቁጥር ሊያሳይዎት ይችላል፤ አጠቃላይ ክፍያው ግን ያድጋል።

ከዚህ የሚያድነው መኪናውን ከመምረጥ በፊት ክሬዲት ዩኒየን ሄዶ የብድር ፈቃድ መያዝ ነው። ከላይ ያየነው የ17,200 ዶላር ብድር በ10 ሳይሆን በ7 በመቶ ቢገኝ፣ ወለዱ ወደ 3,200 ይወርዳል፤ በዚህም ያገለገለው ኮሮላ ከአዲሱ 1,000 ዶላር ያህል ይረክሳል። ብዙ ቦታ መጠየቅ ክሬዲት ይጎዳል ብለው የሚሰጉ አሉ፤ ነገር ግን በ14 ቀን ውስጥ የተደረጉ የመኪና ብድር ጥያቄዎች በነጥቡ ስሌት እንደ አንድ ይቆጠራሉ።

ሦስተኛው ስህተት፦ «ገና 3 ዓመቱ ነው፤ ዋራንቲ አለው» ማለት

የቶዮታ አጠቃላይ ዋራንቲ 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል ነው። እንግዲህ የ3 ዓመት መኪና የሚገዛው ይህ ዋስትና በሚያልቅበት ሰሞን ነው። ለሞተርና ለካምቢዮ የሚሰጠው የ5 ዓመት ወይም የ60,000 ማይል ዋራንቲ ግን ቀሪ ዘመን ሊኖረው ይችላል። ቆጠራው የሚጀምረው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን እንጂ ከሞዴሉ ዓመት ስላልሆነ፣ ቀኑን ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባል። ሃዩንዳይና ኪያ በማስታወቂያቸው የሚታወቁበት የ10 ዓመት ወይም የ100,000 ማይል የሞተር ዋራንቲም ለመጀመሪያው ባለቤት የሚሰጥ ነው፤ ለሁለተኛው ባለቤት በተለመደው ሽያጭ ወደ 5 ዓመትና 60,000 ማይል ይቀንሳል። በኩባንያው ፕሮግራም ሰርቲፋይድ ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ መኪና የተሻለ ዋስትና ይዞ ይመጣል፤ ዋጋውም በዚያው ይጨምራል።

ጎማውንም ጎንበስ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ያለው ጽሑፍ በአራት አሃዝ ይጨርሳል፤ 2322 የሚል ከሆነ ጎማው በ2022 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ቀኑ ከመኪናው ዕድሜ ጋር የሚስማማና ጥርሱ ያለቀ ከሆነ፣ ጎማዎቹ ከፋብሪካ የመጡት ናቸውና አራት አዲስ ጎማ መግዛት ወጪዎ ላይ ይደመራል ወይም ለዋጋ ድርድር ይውላል።

አራተኛው ስህተት፦ የተጠራቀመውን በሙሉ ለቅድመ ክፍያ ማዋል

በምሳሌያችን 2,000 ዶላር የተተወው ያለ ምክንያት አይደለም። አበዳሪው በብድር የተገዛ መኪና የግጭትና የስርቆት ሽፋን ጭምር እንዲኖረው ስለሚያስገድድ፣ በአሜሪካ የመንዳት ታሪኩ አጭር ለሆነ ሰው የኢንሹራንሱ ክፍያ ከባድ ሊሆን ይችላል። ስለሆነም ሁለቱንም መኪኖች በቪን ቁጥራቸው ለኢንሹራንስ ድርጅት ሰጥቶ የየራሳቸውን ዋጋ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

አምስተኛው ስህተት፦ በ3 ቀን እመልሰዋለሁ ብሎ መፈረም

ከዲለር ግቢ የተገዛን መኪና በ3 ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል፤ የፌዴራሉ የ3 ቀን የመሰረዝ ደንብ ግን ዲለሩ ጋ ሄደው የገዙትን መኪና አይሸፍንም። ዲለር የሚሸጠው ያገለገለ መኪና መስታወት ላይ የገዢ መመሪያ የሚባል ወረቀት እንዲለጠፍ ሕግ ያስገድዳል፤ በእርሱ ላይ «አዝ ኢዝ» የሚለው ምልክት ከተደረገበት፣ ከሽያጩ በኋላ ዲለሩ ለብልሽት ኃላፊነት አልወሰደም። ስለዚህ ከመፈረም በፊት መኪናውን ዲለሩ ወደማያውቀው ጋራዥ ወስዶ በሊፍት ላይ ማስመርመር ያስፈልጋል። የመኪናውን ያለፈ ታሪክ የሚዘረዝረው የካርፋክስ ሪፖርት ለኢንሹራንስ ወይም ለፖሊስ ያልተነገረ ግጭት ላያሳይ ስለሚችል ይህን ምርመራ አይተካም። መኪናው ለምርመራ ከግቢው አይወጣም የሚል ሻጭ ካጋጠመ፣ ተመሳሳይ የ3 ዓመት ኮሮላ በአካባቢው ሌላ ዲለር ጋ አይጠፋም።