ጋቢ ኦንላይን ስንሸጥ የምንጽፈው ጽሁፍ የሚያመጣው ጣጣ፦ ችግርና መፍትሄ

በቴሌግራም ቻናል ጋቢና ኩታ እሸጣለሁ፣ ዕቃውን የማመጣው ከሽሮ ሜዳ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ፎቶው ስር የምጽፈው ይሄን ነበር፦ «ምርጥ ጥራት ያለው ኦሪጅናል የሀገር ባህል ጋቢ! በጣም ውብና ማራኪ! ለስጦታ የሚሆን! ዋጋ ኢንቦክስ»። ብዙዎቻችን እንደዚህ ነው የምንጽፈው፣ ከዛ ደግሞ ሰው ለምን አይገዛም ለምን ይመልሳል እያልን እንጨነቃለን። እኔ ያጋጠሙኝን ችግሮች ከነምክንያታቸው ልጻፍላችሁ። ምሳሌዬ ጋቢ ነው ምክንያቱም የማውቀው እሱን ነው።

ችግር፦ ኢንቦክሱ በጥያቄ ይሞላል ግን የሚገዛ የለም

«ስንት ነው?» «ቁመቱ ስንት ነው?» «ለረጅም ሰው ይሆናል?» «ይታጠባል?» እያሉ ይጽፋሉ፣ እናንተ አንድ በአንድ ትመልሳላችሁ፣ ከዛ ሰውየው ድምፁ ይጠፋል። ምክንያቱ ሰው ስላልፈለገ አይደለም። ጽሁፉ ውስጥ ለመወሰን የሚጠቅም ነገር ስለሌለ ነው፣ ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ደግሞ ሌላ ቻናል ሄዷል።

መፍትሄው ቀላል ነው። የመጨረሻዎቹን ሀያ ሰላሳ ቻቶች መለስ ብላችሁ አንብቡና ሰው መጀመሪያ የጠየቀውን ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። እኔ ሳደርገው ከዋጋ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የተጠየቅኩት ውፍረቱን ነው፣ እኔ ደግሞ አንድም ቀን ስለ ውፍረት ጽፌ አላውቅም ነበር። ጽሁፋችሁ ውስጥ የሚገባው የነገሩ ቅደም ተከተል እዛ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ዋጋውንም ፖስቱ ላይ ጻፉት፣ የሚደብቁት ነገር አይደለም።

ችግር፦ «ወፍራም ነው ብለሽኝ ቀጭን ሆኖ መጣ»

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እኔን በጣም የጎዳኝ እሱ ነው። አሜሪካ ያለች ደንበኛ ለአባቷ ጋቢ ፈለገች፣ «ወፍራም ነው?» አለችኝ፣ «አዎ በጣም ወፍራም ነው» አልኳት፣ ዕቃው ወደዛ በሚሄድ ሰው እጅ ተላከ። ደርሶ ሲከፈት አባትየው ለክረምቱ አይሆንም አሉ። መመለስ አይቻልም፣ ሻንጣ ይዞ ወደዚህ የሚመጣ ሰው እስኪገኝ ወራት ይፈጃል። እኔ ዋሽቼ አልነበረም፣ እጄ ላይ ወፍራም ነበር። እሷ ግን በልቧ ያሰበችው የአያቷን ጋቢ ነው።

ምክንያቱ «ወፍራም» የሚለው ቃል መለኪያ የለውም። ጋቢ አራት እጥፍ ነው ኩታ ሁለት እጥፍ ነው፣ ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ግን አራት እጥፍ ሆኖም ሸማኔው ሳስቶ ከሸመነው ወይም ማጉ ቀጭን ከሆነ ጋቢው ቀላል ነው የሚሆነው። በፎቶ ደግሞ ሁለቱ አይለዩም።

መፍትሄው የኩሽና ሚዛን ነው። ጋቢውን አጣጥፋችሁ መዝኑት። እኔ ያኔ ቤት የቀሩኝን ሁለት ጋቢዎች መዘንኩ፣ መጠናቸው ተቀራራቢ ነው፣ አንዱ 1 ኪሎ ከ450 ግራም አንዱ 1 ኪሎ ከ50 ግራም። አያችሁ ልዩነቱን፣ ሁለቱንም «ወፍራም» ብዬ ፖስቻቸው ነበር። ክብደት ብቻውን ግን ያሳስታል፣ ሰፊና ስስ የሆነ ጋቢ ከትንሽና ወፍራም ጋቢ እኩል ሊመዝን ይችላል፣ ስለዚህ ከልኩ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት። ግራም ለማይገባው ሰው ደግሞ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ለአዲስ አበባ ማታ ብቻውን ይበቃል» ወይም «ቤት ውስጥ የሚደረብ ነው፣ ለደጅ ብርድ ይሳሳል»። ሁለተኛውን ስጽፍ ይቀርብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፣ ግን ሳሳ ያለ የሚፈልግ ሰው አለ፣ ሙቀት ያለበት ከተማ የሚኖሩ ሰዎች የሚጠይቁት እሱኑ ነው።

ችግር፦ «አጠረብኝ»

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ ገበያ ላይ በክንድ ይነገረናል፣ የሻጩ ክንድና የእናንተ ክንድ አንድ አይደለም። ሁለተኛ ጥጥ ሲታጠብ ይገባል። ልኩን ስትወስዱ መሬት ላይ ዘርግታችሁ ሳትስቡት በሜትር ለኩት፣ የእጅ ስራ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር እኩል አይሆንም፣ ሶስት ቦታ ለክታችሁ ትንሹን ጻፉ። ከአንድ ሸማኔ ከመጡት ውስጥ ደግሞ አንዱን ለሙከራ እጠቡት። እኔ ያጠብኩት ከመታጠቡ በፊት 246 በ152 ሳንቲሜትር ነበር፣ በቀዝቃዛ ውሃ በእጅ ታጥቦ ጥላ ላይ ደርቆ 232 በ147 ሆነ። 14 ሳንቲሜትር ከቁመቱ ሄደ ማለት ነው። ያን አንድ ጋቢ ለቤት አስቀረሁት፣ ኪሳራ አይደለም፣ ለቀሩት ሁሉ የምጽፈውን ያገኘሁት ከሱ ነው።

ችግር፦ «100% ጥጥ» ብላችሁ ጽፋችሁ ሰው ይከራከራችኋል

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው፣ ጥለቱ ደግሞ ሰው ሰራሽ ክር ሊሆን ይችላል። ያመጣላችሁ ሰው «ንጹህ ጥጥ ነው» ሲላችሁ ስለ ማጉ ብቻ እያወራ ሊሆን ይችላል፣ እናንተ ግን ስለ ሙሉው ጋቢ ጻፋችሁ።

እንዴት ይታወቃል ካላችሁ፣ ክር አውጥታችሁ ሳህን ላይ በወረንጦ ይዛችሁ አቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱ ለስላሳ ነው፣ በጣት ሲነካ ይበተናል። ፖሊስተር ወይም አክሪሊክ ከሆነ ይቀልጥና ሲበርድ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ግን አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ድሩ ነው። ዘርፉን ብቻ አቃጥላችሁ ስለ ማጉ መናገር አትችሉም፣ ማጉን ከዘርፉ አጠገብ ካለው መስመር በመርፌ አንድ ክር ስባችሁ ለብቻው ሞክሩ፣ ከጥለቱም ለብቻው። የእጅ ፈትል መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ብርሃን ላይ ያዙት፣ የእጅ ፈትል አንድ ቦታ ወፈር አንድ ቦታ ቀጠን ይላል፣ የማሽን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ አይነት ነው።

ይሄ ሙከራ ልኩ ድረስ ነው የሚሄደው። ሬዮንም እንደ ጥጥ ነው የሚቃጠለው፣ ድብልቅ ክር ውስጥ ስንት እጁ ጥጥ እንደሆነም አይነግራችሁም። ስለዚህ ፐርሰንት አትጻፉ፣ ያያችሁትን ጻፉ፦ «ማጉ የእጅ ፈትል፣ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ጥለቱ ሰው ሰራሽ ክር»። በነገራችን ላይ ይሄ አጻጻፍ ገዢ ያሸሻል ብላችሁ አትስጉ፣ ጋቢ የሚያውቁ እናቶች ድርና ማጉን ለይቶ የጻፈ ሰው ሲያዩ ነው ቶሎ የሚያምኑት።

ችግር፦ «ነጭ ነው ብዬ ነበር የገዛሁት»

የእጅ ፈትል ወደ ክሬም ያደላል። ፎቶውን ፊልተር ስታደርጉበት ወይም ማታ አምፖል ስር ስታነሱት ቀለሙ ይቀየራል። ቀን መስኮት አጠገብ ነጭ ወረቀት ጎኑ አስቀምጣችሁ አንድ ፎቶ ጨምሩ፣ ጽሁፉ ላይም «ከወረቀት ነጭ ትንሽ ክሬም ይላል» በሉ። በቃ።

ችግር፦ ጥለቱ ቀለም ለቆ ነጩን አበላሸው

ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ጥለቱን ማሸት አንድ ሙከራ ነው ግን አይበቃም፣ እኔ አሽቼው ምንም ሳይወጣ ደንበኛዋ ጋ ሄዶ ለቀቀ። ለምን ስል እሷ አጥባ እርጥቡን አጣጥፋ አሳድራዋለች። ከዛ ወዲህ የጥለቱን ጫፍ አርጥቤ ነጭ ጨርቅ ደርቤበት ሌሊቱን ክብደት ጭኜበት አሳድራለሁ። ጠዋት ጨርቁ ላይ ቀለም ካለ ፖስቱ ላይ እጽፈዋለሁ፦ «ጥለቱ ቀለም ይለቃል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ለብቻው ይታጠብ፣ እርጥቡ ታጥፎ አይደር»። ጉድለት ስትጽፉ ምን ማድረግ እንዳለበት አብራችሁ ጻፉለት፣ ያለዚያ ሰውየው ፍርሃቱን ብቻ ይዞ ይቀራል።

እና ሲጻፍ ምን ይመስላል

የመጀመሪያውን ጽሁፍ እንዲህ ቀየርኩት፦

«ጋቢ፣ አራት እጥፍ፣ ቁጥር 17። ዋጋ 4,200 ብር።
ልክ፦ 246 በ152 ሳ.ሜ.፣ ከታጠበ በኋላ ቁመቱ ወደ 14 ስፋቱ ወደ 5 ሳ.ሜ. ይገባል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 የሆነ ወንድ ሲደርበው ከጉልበቱ በታች ይደርሳል።
ክብደት፦ 1 ኪሎ ከ450 ግራም፣ ለአዲስ አበባ ማታ ብቻውን ይበቃል።
ክር፦ ማጉ የእጅ ፈትል፣ ድሩ የፋብሪካ፣ አረንጓዴው ጥለት ሰው ሰራሽ።
ቀለም፦ ከወረቀት ነጭ ትንሽ ክሬም ይላል። ጥለቱ ሌሊት ተሞክሮ አልለቀቀም።
አንድ ቦታ ላይ ክር ተቋጥሮ እንደ ጉብታ ይታያል፣ ሶስተኛው ፎቶ ላይ ክብ አድርጌበታለሁ።»

ቴሌግራም ላይ ፎቶ ስር የሚጻፈው ፕሪሚየም ለሌለው ሰው እስከ 1024 ፊደል ነው፣ ይሄ በደንብ ይገባል። እንዴት እንደምትለኩና እንደምትሞክሩ የሚያስረዳውን ረጅሙን ጽሁፍ አንዴ ጽፋችሁ ቻናሉ ላይ ፒን አድርጉት፣ በየፖስቱ አትድገሙት። «ውብ» «ማራኪ» የሚሉት አለመኖራቸውን አስተውላችኋል፣ ውበቱን ፎቶው ይናገራል።

ችግር፦ ጽሁፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ቅሬታው እንደገና ጀመረ

ይሄ ቆይቶ ነው የሚመጣው። ምክንያቱ ኮፒ ነው። ቁጥር 17 ተሽጦ አለቀ፣ ከሌላ ሸማኔ አዲስ መጣ፣ ያው ጋቢ ነው ብላችሁ የድሮውን ጽሁፍ ኮፒ አድርጋችሁ ፎቶውን ብቻ ቀየራችሁ። እኔ ላይ የደረሰው አዲሱ 1 ኪሎ ከ200 ሆኖ ጽሁፉ 1 ኪሎ ከ450 እያለ ነው። ቁጥር ያለበት ጽሁፍ ሲሳሳት ከባዶው ይብሳል፣ ሰው አምኖት ነው የሚገዛው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጋቢ ቁጥር ሰጥታችሁ ያን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ጋቢው ላይ በስፒል አያይዙ፣ ልኩና ክብደቱ ደብተር ላይ ይቀመጥ፣ ስትለጥፉ ከደብተሩ እንጂ ከድሮ ፖስት አትገልብጡ። የተሸጠውን ፖስት አታጥፉት፣ ኤዲት አድርጋችሁ መጀመሪያው መስመር ላይ «ተሽጧል» በሉት፣ የቻናል ፖስት ቆይቶም ይታረማል፣ አዲስ የመጣ ደንበኛም ወደ ኋላ ሄዶ እንዴት እንደምትጽፉ ያያል።