ከራስ ቅል ስር የሚደበቅ ደም፦ የጭንቅላት ሲቲ ስካንን ዊንዶው እየቀያየሩ እንዴት ማየት ይቻላል?

ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ የታማሚ ቤተሰብ የሲቲ ስካኑን ፊልም በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለሚያውቀው ሐኪም ሲልክ ይታያል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ፎቶው ግን የጎደለው ነገር አለ። ማሽኑ የሚመዘግበው ሥዕል ሳይሆን ቁጥር ነው። ፊልሙ ላይ የወጣው ግራጫ ከቁጥሮቹ መካከል አንድ ክልል ብቻ ተመርጦ የታተመ ነው። የቀረውን ከፎቶ ላይ መመለስ አይቻልም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ምርመራው የተደረገበትን ክፍል ሲዲውን፣ ማለትም ቁጥሮቹን የያዘውን የዳይኮም ፋይል፣ በመጠየቅ ነው።

ቁጥሩ ሀውንስፊልድ ዩኒት ይባላል። ውሃ 0 ነው፣ አየር −1000። የአንጎል ነጭ ክፍል ከ25 እስከ 30 ገደማ፣ ግራጫው ክፍል ከ35 እስከ 40 ገደማ ይሆናል። ትኩስ የረጋ ደም ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 80 ባለው ውስጥ ይወድቃል። አጥንት ግን ከብዙ መቶዎች ተነስቶ ከ1000 በላይ ይዘልቃል። ይህን ሁሉ ርቀት በ256 የግራጫ ደረጃ ቢያሰራጩት አንጎልና ደም ተመሳስለው ይቀራሉ። በመሆኑም አንድ ክልል ይመረጣል፤ ከክልሉ በታች ያለው ሁሉ ጥቁር፣ ከበላዩ ያለው ሁሉ ነጭ ይሆናል። ዊንዶው ማለት ይህ ክልል ነው።

ሲዲውን በሚከፍተው ፕሮግራም ማዕዘን ላይ W እና L የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ። W የክልሉ ስፋት ነው፣ L መሃሉ። የስፋቱን ግማሽ ከመሃሉ ሲቀንሱ የታችኛው ድንበር፣ ሲደምሩ የላይኛው ድንበር ይወጣል። W 80 እና L 40 ቢሆን ክልሉ ከ0 እስከ 80 ነው።

አሁን አንድ ሰው ደንገጎ ላይ ከሞተር ወድቆ፣ ራሱን እያመመው ድሬ ደርሶ ሲቲ ስካን ተነሳ እንበል። ከራስ ቅሉ ጋር ተጣብቆ የሄደ፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው ደም አለ፤ ቁጥሩ 65 ነው።

መጀመሪያ በአንጎል ዊንዶው፣ በ W 80 L 40፣ ይክፈቱት። ነጩና ግራጫው የአንጎል ክፍል በግልጽ ይለያሉ፤ በመካከላቸው ያለው የ10 ያህል ልዩነት ከክልሉ አንድ ስምንተኛ ስለሚይዝ ነው። ደሙ ግን ወደ ነጩ ጫፍ ተጠግቷል። ከጎኑ ያለው 900 የሆነ አጥንት ከ80 በላይ በመሆኑ ፍጹም ነጭ ነው። ቀጭኑ ደም የራስ ቅሉ ትንሽ የወፈረ ይመስል ከአጥንቱ ጋር ይቀላቀላል። የሚያሳስበኝ ይህ ቦታ ነው፤ ዓይን እዚህ ላይ ሳይጠረጥር ያልፋል።

ቀጥሎ ዊንዶውን ያስፉት። በብዙ ፕሮግራሞች ማውሱን ተጭኖ ወደ ጎን መሳብ W ን፣ ወደ ላይና ወደ ታች መሳብ L ን ይቀይራል፤ ቁጥሮቹን እያዩ W 200 L 75 ላይ ያቁሙ። ክልሉ አሁን ከ−25 እስከ 175 ነው። 65 የሆነው ደም ወደ መካከለኛ ግራጫ ይወርዳል፣ አጥንቱ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ድንበር ይወጣል፣ ደሙም ከአጥንቱ ተላቆ እንደ ቀጭን ጨረቃ ቅርጽ ይታያል። አንድ ቁራጭ ምስል ላይ ብቻ ታይቶ ከበላዩና ከበታቹ ካልቀጠለ ይጠርጥሩት፤ በተለይ አናት ላይ፣ አጥንትና አንጎል በአንድ ነጥብ ውስጥ ሲደባለቁ አማካያቸው የደም ቁጥር ሊመስል ይችላል።

ስብራት ለመፈለግ W 2800 L 600 ያድርጉ። አጥንቱ ውስጡን ያሳያል፣ አንጎሉ ግን አንድ ወጥ ግራጫ ይሆናል፤ የ10 ልዩነት እዚህ አንድ የግራጫ ደረጃ እንኳ አይሞላም። ታዲያ በአጥንት ዊንዶው ብቻ አይቶ «ደም የለም» ማለት አይቻልም። ሲዲው ላይ ለአጥንት ተብሎ የተዘጋጀ፣ ጠርዙ የጠራ ተከታታይ ምስል ካለ እሱን ይክፈቱ፤ ለአንጎል የለሰለሰውን ምስል ዊንዶውን ብቻ ቢቀይሩበት ቀጭን ስንጥቅ ሊሰወር ይችላል።

ዊንዶው የማይፈታው ነገርም አለ። ደሙ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲያልፈው ቁጥሩ እየወረደ ከአንጎሉ ጋር ይስተካከላል። ከባድ የደም ማነስ ባለበት ሰው ደግሞ ትኩሱም ደም ከመጀመሪያው ሊደበዝዝ ይችላል። ቁጥሮቹ እኩል ከሆኑ የትኛውም ክልል አይለያቸውም። ያኔ የሚታየው የደሙ ቀለም ሳይሆን የገፋው ነገር ነው፤ የአንጎሉ እጥፋቶች ከራስ ቅሉ ርቀው እንደሆነ፣ የመሃል መስመሩም ወደ አንድ ጎን ሄዶ እንደሆነ ግራና ቀኙን እያስተያዩ ይመልከቱ። ይህን ለራዲዮሎጂ ሐኪሙ ያሳዩ። ታማሚው እንቅልፍ እያበዛ፣ እያስታወከ ወይም ንግግሩ እየተቀየረ ከሆነ ግን ሲዲውን መክፈት ይቆይ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይመለስ።