ቴርሞሜትሩ 101.8 ሲል፦ የልጅ ትኩሳት በፋራናይት ሲመጣ

ልጅቷ ታምማለች፣ ሰውነቷ ይፋጃል። አክስቷ ከአሜሪካ የላከችው ቴርሞሜትር ብብቷ ሥር ቆይቶ ጮኸና 101.8 አሳየ። አዲስ አበባ ያለ ወላጅ የሚያውቀው 37፣ 38፣ 39 የሚባለውን ነው። መቶ የሚባለውን ቁጥር የሚያውቀው ደግሞ ውሃ ሲፈላ ነው። ስለዚህ መደንገጥ ያለ ነው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን ትንሽ ፊደል እዩ። °F ከሆነ ፋራናይት ነው፣ °C ከሆነ የለመድነው ሴልሺየስ። በፋራናይት የጤነኛ ሰው ሙቀት 98.6 አካባቢ ነው፤ ይህ 37 ማለት ነው። ስለዚህ መቶ ማለፉ ብቻውን ጉድ አይደለም፤ ልክ 100 የሚለው ወደ 37.8 ይጠጋል። ጥያቄው ከመቶ በላይ በምን ያህል አለፈ ነው።

ችግር፦ በስልክ ካልኩሌተር ሲሰላ 84 ይመጣል

ቀመሩን ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት እናስታውሰዋለን። ከፋራናይቱ 32 ይቀነሳል፣ የቀረው ለ1.8 ይካፈላል። ግን በስልኩ ላይ እንዲህ ተብሎ በአንድ ትንፋሽ ይጻፋል፦

```
101.8 - 32 ÷ 1.8 = 84.02
```

84 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ሰው የለም፤ ለቡና ራሱ ይበዛል። ስሕተቱ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የስልክ ካልኩሌተር ማካፈልን ስለሚያስቀድም መጀመሪያ 32ን ለ1.8 ያካፍላል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ሱቅ ውስጥ የምናያት ተራ ካልኩሌተር ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደተነካች ስለምታሰላ፣ ያንኑ ጽፋችሁ ትክክለኛውን ልትሰጣችሁ ትችላለች። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው።

መፍትሄው ቅንፍ መጠቀም ነው፦

```
(101.8 - 32) ÷ 1.8 = 38.8
```

ቅንፉን ማግኘት ካስቸገረ፣ 32ን ከቀነሳችሁ በኋላ = ን ተጫኑ። 69.8 ይመጣል። ከዚያ እሱን ለ1.8 አካፍሉ። 38.8፣ ትኩሳት ነው።

ችግር፦ በአእምሮ ሲሰላ ልጁ ጤነኛ ይሆናል

ይሄኛው ከላይኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ስሕተት አይመስልም። ውጭ አገር የኖሩ ሰዎች የአየሩን ሁኔታ በቶሎ ለመገመት «30 ቀንስና በግማሽ አካፍል» የሚሉት ዘዴ አላቸው። ለጃኬት ምርጫ ይበቃል። በ101.8 ላይ ስንሞክረው ግን 71.8 ይቀራል፣ ግማሹ 35.9። ትኩሳት ያላት ልጅ በሒሳብ ቀዝቅዛ ቁጭ አለች! ልዩነቱ ወደ ሦስት ዲግሪ ይጠጋል። ለአየር ሁኔታ ምንም አይደለም፣ ለትኩሳት ግን ሁሉም ነገር ነው።

ለትኩሳት የሚሆነው አቋራጭ ሌላ ነው። 100.4 ልክ 38 መሆኑን ያዙ። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ 1.8 ፋራናይት አንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ይጨምራል። ስለዚህ 102.2 ሲሆን 39፣ 104 ሲሆን ደግሞ 40 ነው። እነዚህን ሦስቱን ብቻ በወረቀት ጽፎ ቴርሞሜትሩ ሳጥን ውስጥ መክተት፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከቀመሩ ይሻላል። በሌሊት፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ማን ቅንፍ ይፈልጋል?

በመሃል ያለ ቁጥር ሲመጣ ከ100.4 በስንት እንደሚበልጥ ተመልከቱ። 101.8 በ1.4 ይበልጣል። የ1.4 ግማሽ 0.7 ነው፤ ለጥንቃቄ የዚያኑ አንድ አስረኛ ጨምሩበት፣ 0.77። በ38 ላይ ሲደመር 38.8 አካባቢ ይመጣል፣ ካልኩሌተሩ እንዳለው።

ችግር፦ በስልክ ሲነገር ቁጥሩ ይለወጣል

አሜሪካ ያለችው ልጅ አዲስ አበባ ላለችው እናቷ ደውላ «እማዬ፣ ሕፃኑ መቶ ነጥብ አራት ሆነ» ትላለች። መስመሩ ይቆራረጣል፣ «ነጥብ» ትጠፋለች፣ አያት «መቶ አራት» ትሰማለች። 100.4 ማለት 38 ነው፤ 104 ግን 40 ነው። በአንዷ ነጥብ ሁለት ዲግሪ ሙሉ ተጨመረ። ስክሪኑ ደብዛዛ ከሆነ ዓይንም እንዲሁ ይሳሳታል።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነገራችሁ «ነጥቡ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከተቻለ የቴርሞሜትሩን ፎቶ አስልኩ። ሐኪም ቤት ስትሄዱም የለወጣችሁትን ብቻ አትናገሩ፤ ያነበባችሁትን ቁጥር፣ ፋራናይት መሆኑን፣ የት እንደለካችሁና በስንት ሰዓት እንደሆነ ንገሯቸው። ስሌቱ ስሕተት ቢኖረው እንኳ እዚያ ይታረማል።

ችግር፦ «በሁለት ወርዷል» ተባለ፣ ሲቀየር ከዜሮ በታች ሆነ

32 የሚቀነሰው ከሙቀቱ ንባብ እንጂ ከልዩነቱ ላይ አይደለም። በ2 ፋራናይት ከወረደ 2ን ለ1.8 ብቻ አካፍሉ፤ የወረደው 1.1 ሴልሺየስ ነው።

ችግር፦ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን ልጁን አይመስልም

ልጁ እየተቃጠለ ቴርሞሜትሩ 96 ወይም 97 ቢል፣ ቀመሩን ከመጠራጠር በፊት አለካኩን ተመልከቱ። በብብት ሥር የሚለካው ከውስጥ ሙቀት ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ብብቱ ላብ ካለበት ወይም ክንዱ በደንብ ካልተጠጋ ይብሳል። አድርቁ፣ ክንዱን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ድጋሚ ለኩ። ከራሳችሁ ግን ዲግሪ አትጨምሩ። ግንባር ላይ ሳይነካ የሚለካው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብዙዎቹ የሰውነትና የዕቃ ሙቀት መለኪያ የሚባሉ ሁለት ሁኔታዎች አሏቸው፤ በዕቃው ላይ ተቀምጦ ከሆነ የሚያሳየው የቆዳውን ሙቀት ብቻ ነው፣ ዝቅ ይላል።

መቀየሩ ከሰለቻችሁ፣ ብዙ ዲጂታል ቴርሞሜትሮች ቁልፋቸው ለጥቂት ሰከንድ ሲያዝ ከ°F ወደ °C ይሸጋገራሉ። ቁልፉ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መመሪያውን ተመልከቱ፤ ጭራሽ የማይቀየሩም አሉ።

ክፍልፋዩን ወደ ታች አታጠጋጉ፣ በተለይ ሕፃን ላይ። ዕድሜው ከሦስት ወር በታች የሆነ ሕፃን 100.4 ወይም ከዚያ በላይ ካለው፣ ማለትም 38፣ ሳይዘገይ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በማንኛውም ዕድሜ ደግሞ ልጁ አልጠጣ ካለ፣ የገባለትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ቁጥሩን መቀየሩን ተዉትና ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።