የሌክቸሩን ዋና መቃወሚያ የዘለለ የቶፍል ጽሑፍ እንዴት ይታረማል?

ኢንቴግሬትድ ራይቲንግ በሚባለው የቶፍል ጥያቄ ተፈታኙ አንድ አጭር ንባብ በ3 ደቂቃ ያነባል፤ ቀጥሎ 2 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ ሌክቸር አንድ ጊዜ ብቻ ያዳምጣል፤ ከዚያም በ20 ደቂቃ ውስጥ የሌክቸሩን ነጥቦች ከንባቡ ነጥቦች ጋር እያገናኘ ይጽፋል። በሚጽፍበት ጊዜ ንባቡ ስክሪኑ ላይ ተመልሶ ይታያል፤ ሌክቸሩ ግን አይደገምም። ጥያቄው በጃንዋሪ 2026 ፈተናው ሲሻሻል ከቶፍል አይቢቲ ወጥቷል። ሆኖም ባሕር ዳር ውስጥ ለውጭ አገር ትምህርት የሚዘጋጁ ተማሪዎችን የምናስተምር ሰዎች አሁንም ለልምምድ እንጠቀምበታለን፤ የሰሙትን ካነበቡት ጋር የማገናኘት ችሎታን ይህን ያህል አጥርቶ የሚያሳይ ሌላ ጥያቄ እኔ አላገኘሁም።

ነጥቡ ከ0 እስከ 5 ነው። ለማረም አስቸጋሪው ጽሑፍ እንግሊዝኛው የተበላሸ ጽሑፍ አይደለም። አስቸጋሪው ቋንቋው የተስተካከለ፣ አንቀጾቹ የተደራጁ፣ ነገር ግን መምህሩ በሌክቸሩ ውስጥ ያነሣውን ዋና መቃወሚያ የዘለለ ጽሑፍ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ መልስ አንዱ አራሚ 4 ሲሰጥ ሌላው 2 ሊሰጥ ይችላል። የሚከተለው አሠራር ይህን ልዩነት ለማጥበብ ይረዳል።

ተማሪው የጻፈውን ከማንበብዎ በፊት ሌክቸሩን ራስዎ ያዳምጡና ነጥቦቹን በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ። በግራ በኩል የንባቡን ሦስት ነጥቦች፣ በቀኝ በኩል መምህሩ ለእያንዳንዱ የሰጠውን መልስ ከነምክንያቱ ይጻፉ። ምክንያቱን መጻፍ ግድ ነው፤ «አይስማማም» የሚል ማስታወሻ በኋላ ምንም አይረዳም። ይህን ገጽ ሳያዘጋጁ በትዝታ ማረም ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክረውም።

ለምሳሌ ያህል ለክፍላችን ያዘጋጀነውን የልምምድ ጥያቄ እንውሰድ። ንባቡ በጣና ሐይቅ ላይ የተስፋፋውን እምቦጭ ለማስወገድ ከሁሉ የሚሻለው በማሽን ማጨድ ነው ይላል፤ ሦስት ምክንያቶችንም ያቀርባል። ማሽን ብዙ አረም በአጭር ጊዜ ያነሣል፤ የታጨደው አረም ኮምፖስት ሆኖ ወጪውን ይመልሳል፤ ኬሚካል ስለማይረጭ ዓሣውን አይጎዳም። በሌክቸሩ ውስጥ መምህሩ ሦስቱንም በየተራ ይቃወማል። አንደኛ፣ የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ከእርሻ ማሳ የሚታጠበው ማዳበሪያም ስለሚመግበው የታጨደው ቦታ ተመልሶ ይሸፈናል። ሁለተኛ፣ አረሙ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ በመሆኑ የማጓጓዣው ወጪ ከኮምፖስቱ ዋጋ ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ማሽኑ አረሙን ሲያነሣ በሥሩ የተጠለሉትን የዓሣ ጫጩቶችና እንቁላሎች አብሮ ያወጣል። መምህሩ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ነው፤ ዋናው መቃወሚያም እርሱ ነው።

ቀጥሎ የተማሪውን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ያንብቡ። ከዚያም እርሳስ ይዘው ከንባቡ የመጣውን ሁሉ ይሰርዙ። ንባቡ በጽሑፉ ጊዜ ሁሉ ከተማሪው ፊት ስለሚገኝ እርሱን አሳጥሮ መጻፍ ብቻውን ነጥብ አያስገኝም። ነጥብ የሚያስገኘው ከሌክቸሩ የተመረጠው መረጃና ያ መረጃ ከንባቡ ጋር የተያያዘበት መንገድ ነው። ከስረዛው በኋላ ሁለት መስመር ብቻ የቀረበት ባለ 220 ቃል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል።

አሁን አንድ መልስ በቅርብ እንመልከት። ተማሪው የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ሐሳብ በአማርኛ ይህን ይመስላል፦ «ንባቡ ማሽን ብዙ አረም በአጭር ጊዜ እንደሚያነሣ ይገልጻል። መምህሩ ግን በዚህ አይስማማም፤ ምክንያቱም ሐይቁ እጅግ ሰፊ ነው፣ ማሽኖቹም ብዙ ጊዜ ተበላሽተው ይቆማሉ።» ሁለተኛው አንቀጽ የአረሙን ውሃነትና የማጓጓዣውን ወጪ በትክክል ያስቀምጣል። ሦስተኛውም ስለ ዓሣ ጫጩቶቹ የተባለውን ከንባቡ ጋር አቃርኖ ያቀርባል። ሰዋስዉ ጥሩ ነው፤ መግቢያውም መምህሩ ንባቡን እንደሚቃወም በግልጽ ይናገራል።

ከእኔ ጋር የሚያርም መምህር ለዚህ ጽሑፍ 4 ሰጠው፤ የሰጠበትንም ምክንያት መረዳት አያስቸግርም። ሦስት አንቀጽ አለ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ «መምህሩ ግን» የሚል መቃወሚያ አለ፤ የተባለውም ነገር እውነት ይመስላል። ነገር ግን ወደ ነጥብ ገጹ ተመልሰን ስናይ መምህሩ ስለ ሐይቁ ስፋትም ሆነ ስለ ማሽን ብልሽት በሌክቸሩ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረም። ይህ ተማሪው ከከተማው ወሬ የሚያውቀው ነገር ነው። ዘሩ በጭቃ ውስጥ መቆየቱና ማዳበሪያው የትም የሉም። ስለዚህ አንቀጹ ሙሉ ቢመስልም ዋናው መቃወሚያ ተዘልሏል፤ ቦታው በሌላ ነገር ተሞልቷል።

ይህ ችግር እዚህ ጣና ዳር ይበልጥ ያጋጥማል። ርዕሱ የአካባቢያችን ሲሆን ተማሪውም አራሚውም ብዙ ያውቃሉ፤ አራሚው በሌክቸሩ ያልተባለውን እንደተባለ፣ ተማሪውም ያላዳመጠውን እንዳዳመጠ አድርጎ ይወስዳል። ለዚህ ነው በጽሑፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን የሌክቸር ሐሳብ በገጹ ላይ ካለው ጋር በቁጥር ማዛመድ የሚያስፈልገው፦ 1፣ 2፣ 3። ቁጥር የማይሰጠው ሐሳብ፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ ከሌክቸሩ የመጣ መረጃ ሆኖ አይቆጠርም።

ታዲያ ነጥቡ ስንት ይሁን? ከባዱ ውሳኔ ይህ ነው። የፈተናው አዘጋጅ የኢቲኤስ መመዘኛ ለ4 የሚፈቅደው ጥቃቅን ግድፈትን ወይም መጠነኛ አለመጥራትን ብቻ ነው። ከሌክቸሩ ቁልፍ ነጥቦች አንዱ ጨርሶ ሲቀር ጽሑፉ ወደ 3 ይወርዳል፤ መመዘኛው ይህንኑ በ3 ሥር በስም ይጠቅሰዋል። ከላይ ያየነው መልስም 3 ነው። እንግሊዝኛው ያማረ መሆኑ ወደ 4 አይመልሰውም፤ በዚህ ጥያቄ የቋንቋ ስሕተት ነጥብ ሊያስቀንስ ይችላል እንጂ የቋንቋ ጥራት የጠፋን ይዘት አይተካም።

ዋናው ነጥብ ጠፍቶ ሳለ ለምን 2 አይሆንም የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ ሁለት ዓይነት መዝለል መኖሩን በመለየት ላይ ነው። አንደኛው ዓይነት ከመቃወሚያዎቹ አንዱን መዝለል ነው፤ ሁለተኛው መቃወሙን ራሱን መዝለል ነው። ያየነው ተማሪ መምህሩ ንባቡን እየተቃወመ መሆኑን ያውቃል፣ ሁለት ነጥቦችንም በትክክል አድርሷል፤ ስለዚህ በሌክቸሩና በንባቡ መካከል ያለው አጠቃላይ ግንኙነት አልተበላሸም። ሌላ ተማሪ ግን «ንባቡ ስለ ማሽን ጥቅም ይናገራል፤ መምህሩም ስለ አረሙ ተጨማሪ መረጃ ይሰጣል» ብሎ ቢጀምር፣ የአረሙን ውሃነትና የዓሣ ጫጩቶቹን ጉዳይም እንደ ተጨማሪ እውቀት ብቻ ቢዘረዝር፣ ዝርዝሩ ትክክል ሆኖም ግንኙነቱ ጠፍቷል። ይህ 2 ነው። ሆኖም በመግቢያው ብቻ አይፍረዱ። መግቢያው የደከመ ሆኖ በውስጥ አንቀጾቹ «ንባቡ ወጪውን ይመልሳል ቢልም መምህሩ ማጓጓዣው እንደሚበልጥ ያሳያል» የሚል ጥርት ያለ ማያያዣ ካለ፣ ግንኙነቱ እዚያው ተገልጿልና ጽሑፉ 3 ላይ ይቆያል።

በ3 እና በ4 መካከል የሚወድቅ መልስም አለ። ተማሪው በመጀመሪያው አንቀጽ «መምህሩ ማሽን አረሙን ጨርሶ እንደማያጠፋው ይናገራል» ብሎ ቢያቆም፣ አቋሙ አለ፣ ምክንያቱ ግን የለም። አንዳንድ አራሚዎች ይህን ጥቃቅን ግድፈት ብለው 4 ይሰጣሉ። እኔ 3 እሰጣለሁ፤ የመምህሩ ነጥብ ማሽኑ አለመቻሉ ብቻ ሳይሆን የማይችልበት ምክንያት ጭምር ነውና። «ዘሩ በጭቃ ውስጥ ስለሚቆይ ተመልሶ ይበቅላል» የሚል አንድ ሐረግ ቢጨምር ግን፣ 20 ዓመቱንና ማዳበሪያውን ባይጠቅስም፣ ሌሎቹ ሁለት ነጥቦች እስከተሟሉ ድረስ 4 ይገባዋል። ቁጥሮችን መርሳት ቁልፍ ነጥብን መርሳት አይደለም።

ከ2 በታች ያሉት ነጥቦች ብዙ አያከራክሩም። ከሌክቸሩ ትርጉም ያለው ነገር የሌለበት የንባብ ማሳጠሪያ 1 ነው፤ የንባቡን ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ የገለበጠ 0 ነው። የቃላት ብዛትን በተመለከተ ከ150 እስከ 225 የሚለው መጠቆሚያ ነው፤ በመብለጡ ነጥብ አይቀነስም። ግማሽ ነጥብ አይስጡ፤ በ3 እና በ4 መካከል ከመወሰን ለመሸሽ ብቻ የሚያገለግል ነው።

ሁለት አራሚዎች ሲለያዩ አማካይ ማውጣት አይበጅም፤ የ4 እና የ2 አማካይ 3 መሆኑ ትክክለኛውን ምክንያት አያሳይም። ሁለቱም የነጥብ ገጻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው የትኛው የሌክቸር ነጥብ በየትኛው መስመር ላይ እንደተገኘ ይጠቋቆሙ። ከላይ በጠቀስኩት መልስ ላይ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ባልደረባዬ የመጀመሪያውን አንቀጽ ከየትኛው የሌክቸር ሐሳብ ጋር እንደሚያዛምደው ሲፈልግ አጣውና 3 ላይ ተስማማን።

በመጨረሻም በወረቀቱ ላይ ቁጥሩን ብቻ አይጻፉ፤ «ሌክቸሩን በደንብ አዳምጥ» የሚለውም ለተማሪው አይጠቅመውም። «ነጥብ 1 የለም፤ ስለ ማሽን ብልሽት መምህሩ አልተናገረም» ብለው ይጻፉለት። ከዚያም የሌክቸሩን የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ደግሞ ያዳምጥና ያንኑ አንድ አንቀጽ ብቻ አስተካክሎ ያምጣ፤ ሙሉውን ጽሑፍ እንደገና እንዲጽፍ ማዘዝ ትክክል የሆኑትን ሁለት አንቀጾች ያለ ጥቅም ያስደግመዋል።