የሬዲዮ ጂንግልን የስልክ መጠበቂያ ሙዚቃ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

አንድ የጉዞ ወኪል በሬዲዮ የሚያስነግረውን የ15 ሰከንድ ጂንግል ለደንበኞች ስልክ መጠበቂያ እንዲሆን እንዳለ ጫነው። በሬዲዮ ከበሮው ደረት ይነካል፣ ክራሩና ተቀባዮቹም ጥርት ብለው ይሰማሉ። በስልክ ግን ውሃ ውስጥ እንደሚጫወት ሬዲዮ ሆነ፤ መስመሩ የተበላሸ መስሏቸው የዘጉ ደንበኞችም ነበሩ። ሥራውን እንደገና ስንሠራው የሄድንበት መንገድ ይኸውና።

መጀመሪያ ስልክ ምን እንደሚያስቀር ይወቁ። ኤፍኤም ሬዲዮ እስከ 15000 ሄርዝ የሚደርስ ድምፅ ያሰማል። መደበኛ የስልክ መስመር ግን በግምት ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ያሳልፋል፤ ለንግግር ይህ ይበቃልና። የከበሮው ጉምታና የቤዝ ጊታሩ ዋና ድምፅ ከዚህ በታች ስለሆኑ ይጠፋሉ፤ የጽናጽሉ ጥራት ደግሞ ከላይ ይቆረጣል። በዚህ ላይ የሞባይል ስልክ ድምፅን ለመላክ የሚጨምቀው በሰው ንግግር አሠራር ተመርቶ ነው። አምስት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲመጣበት እንደ አንድ ሰው ድምፅ ሊተረጉመው ይሞክራል፤ የሚንቦጫረቀው ድምፅ የሚፈጠረው ያኔ ነው።

ስለዚህ ከጂንግሉ የሚቀረውን ይምረጡ። ጂንግሉን የቀዳው ስቱዲዮ የእያንዳንዱን መሣሪያ ድምፅ ለየብቻ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። እኛ ያስቀረነው ክራሩን ብቻ ነው። ብቻውን የሚሄድ የክራር ወይም የዋሽንት ዜማ በስልክ ጠባብ መንገድ በደህና ያልፋል። የክራሩ ወፍራም ክር ዋና ድምፅ ቢቆረጥ እንኳ ጆሮ ከላይ ካሉት ተከታይ ድምፆች ተነሥቶ ይሞላዋል። ከበሮ ግን እንዲህ አይተርፍም። ደንበኛው ድርጅቱን የሚያውቀው በዜማው ስለሆነ ከበሮው ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም። ግጥሙንም አውጡት፤ የሰው ድምፅ የሚጠብቅ ጆሮ ዘፋኙን ሠራተኛው ነው ብሎ ይሳሳታል።

ቀጥሎ ያስረዝሙት። 15 ሰከንድ በአራት ደቂቃ ውስጥ 16 ጊዜ ይደጋገማል፤ ይህን የሚታገሥ ሰው የለም። ክራር ተጫዋቹ በዚያው ቅኝት ለሦስትና አራት ደቂቃ እንዲጫወትና የጂንግሉን ዜማ በየ40 ሰከንዱ ገደማ እንዲመልሰው አደረግን። በመካከል ከሁለት ሰከንድ የበለጠ ዝምታ አይተዉ። አሜሪካዊው አልፍሬድ ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ መብት የጠየቀበት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሰጠው የመጠበቂያ ሙዚቃ መነሻውም ይኸው ነበር፦ ዝም ባለ መስመር ላይ ያለ ሰው የተቋረጠ ይመስለዋል።

ከመጫንዎ በፊት ውሉን ያንብቡ። ለሬዲዮ ማስታወቂያ የተከፈለ ሙዚቃ ለስልክም ተፈቅዷል ማለት አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዜማው ደራሲም፣ ተጫዋቹም፣ ቀረጻውን ያዘጋጀውም መብት አላቸው። የስልክ አገልግሎቱን በስም ጠቅሰው በጽሑፍ ይስማሙ።

አሁን ድምፁን ለስልክ ይቀይሩ። ፋይሉ ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ሳይለይ አንድ ድምፅ ብቻ፣ መሆንና በሰከንድ 8000 የድምፅ ናሙና መያዝ አለበት። ነጻ በሆነው የኮምፒውተር ፕሮግራም ffmpeg አንድ ትእዛዝ ይበቃል፦

```
ffmpeg -i krar.wav -af "highpass=f=300,lowpass=f=3400,acompressor" -ac 1 -ar 8000 hold.wav
```

`acompressor` የጎላውን ከቀጠነው ያቀራርባል፤ ይህ ከሌለ ለስለስ ያለው ክፍል በመንገድ ጫጫታ ይዋጣል። ሞኖ ከሆነ በኋላ ዜማው ከሳስቶ ከሰሙት የግራና የቀኝ ድምፆች ተጣፍተዋል ማለት ነው፤ ያኔ አንዱን ወገን ብቻ ወስደው ይቀይሩ።

ፍርዱን በኮምፒውተር ድምፅ ማጉያ አይስጡ። ከተራ ሞባይል፣ ጎዳና ዳር ቆመው ይደውሉ፤ ከዚያም ከመደበኛ ስልክ ይድገሙት። በጎላው ቦታ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ድምፁ በዝቷልና ይቀንሱት። የሚንቦጫረቅ ከሆነ አሁንም መሣሪያ በዝቷል። ሠራተኛው ሲያነሣ ንግግሩ ከሙዚቃው ጎላ ብሎ ካልተሰማ ሙዚቃውን ዝቅ ያድርጉት፤ ደንበኛው ስልኩን ከጆሮው አርቆ ይዞ ከሆነ በድንገት ሊያመልጠው ይችላል።

የመጨረሻው «እባክዎ ይጠብቁ» የሚለው መልእክት ነው። የጉዞ ወኪሉ በየ15 ሰከንዱ ያስነግረው ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ሌላ ሥራ የያዘ ሰው ድምፅ በሰማ ቁጥር ተሯሩጦ ያነሣል፤ የሚያገኘው ያንኑ ቃል ነው። መልእክቱን በደቂቃ አንድ ጊዜ አደረግነው፤ «ከፊትዎ ሦስት ሰዎች አሉ» የሚል አዲስ ነገር ሲኖረው ብቻ እንዲናገር።